በፍትሐ ብሔር ክስ ከተፈረደብዎ በኋላ፦ ይግባኝና ዳግም ዳኝነት እንዴት ይጠየቃል?

ፍርድ ሲነበብ አብዛኛው ተከራካሪ የሚሰማው የመጨረሻውን መስመር ብቻ ነው፦ ይክፈል፣ ይልቀቅ፣ ያስረክብ። ይግባኙ የሚሠራው ግን ከዚያ በፊት ካሉት ገጾች ነው። ስለዚህ በዚያው ሳምንት የፍርዱን ግልባጭ ከመዝገብ ቤት በጽሑፍ ይጠይቁ። የጠየቁበትና የተረከቡበት ቀን የሚታይበትን ወረቀትም ያስቀምጡ። ግልባጩ ቢዘገይና ጉዳዩ ወደ ክርክር ቢመጣ የሚያስረዱበት እሱ ነው።

አንድ ጉዳይ ይዘን እንሂድ። አንዲት ነጋዴ የ500,000 ብር ብድር ክስ ቀረበባት እንበል። ከዚህ ውስጥ 300,000ው በፊርማዋ በተረጋገጠ ውል የተደገፈ ነው። የቀረውን 200,000 ብር ግን ከሳሽ በሦስት ምስክር ብቻ ነው ያስረዳው። እሷ «በምስክር ሊረጋገጥ አይችልም» ብላ ተቃውማለች። የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤት ተቃውሞዋን አልፎ ጠቅላላውን ፈረደባት።

ቀኑን መቁጠር

ይግባኝ በ60 ቀን ውስጥ መቅረብ አለበት (የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ ቁጥር 323)። ሰው ይህን «ሁለት ወር» ብሎ ይይዘዋል። ወሮቻችን ሠላሳ ሠላሳ ቀን ስለሆኑ ብዙ ጊዜ ያስኬዳል፤ ጳጉሜ መሐል ስትገባ ግን ያሳስታል። ፍርዱ ሐምሌ 20 ቢሰጥ ከሐምሌ 10 ቀን፣ ከነሐሴ 30፣ ከጳጉሜ 5 ይቆጠርና 60ኛው ቀን መስከረም 15 ላይ ይውላል። መስከረም 20 ይዞ የሚመጣ ሰው ጊዜው አልፎበታል። በሠራተኛና አሠሪ ክርክር ደግሞ ቀኑ 30 ብቻ ነው። ስለዚህ ከመቁጠርዎ በፊት የጉዳዩን ዓይነት ይለዩ።

ቀኑ ካለፈ ሬጅስትራሩ ማመልከቻውን አይቀበልም፤ በ10 ቀን ውስጥ ግን የማስፈቀጃ ማመልከቻ በቃለ መሐላ አስደግፈው ማቅረብ ይችላሉ። ፍርድ ቤቱ የሚፈልገው በቂ ምክንያት ነው፤ በሐኪም ማስረጃ የተደገፈ ከባድ ሕመም ለምሳሌ ሊታይ ይችላል። «ጠበቃዬ ረስቶት ነው» ግን ሕጉ ራሱ በቂ ምክንያት አይደለም ያለው ነው (ቁጥር 326)። ጠበቃ ቢኖርዎትም ቀኑን ራስዎ ይያዙ የምለው ለዚህ ነው።

ሁለት ነገር እዚህ ላይ ይለዩ። ፍርዱ እርስዎ በሌሉበት የተሰጠ ከሆነ የመጀመሪያው በር ይግባኝ አይደለም፤ ፍርዱን ካወቁበት ቀን ጀምሮ በአንድ ወር ውስጥ፣ ያልቀረቡበትን በቂ ምክንያት ገልጸው ፍርዱ እንዲነሳ እዚያው ፍርድ ቤት ያመለክታሉ (ቁጥር 78)። እንዲሁም በክርክሩ መሐል በተሰጠ ቀጠሮ፣ በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ወይም በማስረጃ ተቀባይነት ላይ በተሰጠ ትእዛዝ ወዲያው ይግባኝ አይባልም። ቅሬታው ተይዞ ቆይቶ ከዋናው ፍርድ ጋር ይነሳል።

ቅሬታውን መጻፍ

የይግባኝ ማመልከቻ ላይ የተከራካሪዎቹ ስምና አድራሻ፣ ፍርዱን የሰጠው ፍርድ ቤትና ቀኑ፣ የቅሬታው ምክንያቶች፣ በመጨረሻም የሚጠየቀው ዳኝነት ይሰፍራሉ። የፍርዱ ግልባጭም ይያያዛል። ሕጉ የሚፈልገው አጭርና ግልጽ ምክንያት ነው። በተግባር ግን ብዙ ሰው ክሱን ከሀ እስከ ፐ እንደገና ይተርካል፤ ዳኛው የሚፈልገው ስህተት እዚያ ውስጥ ይጠፋል።

ነጋዴዋ «ፍርዱ ከእውነት የራቀ ነው» ብላ ብትጽፍ ምንም አላለችም። መጻፍ ያለባት ይህን ነው፦ «በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2472 መሠረት ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር የሚረጋገጠው በጽሑፍ፣ ወይም በፍርድ ቤት በተሰጠ እምነት ወይም መሐላ ነው። የሥር ፍርድ ቤት ተቃውሞዬን አልፎ የ200,000 ብሩን ብድር በምስክር ብቻ ተረጋግጧል ማለቱ የሕግ ስህተት ነው። ይህ የፍርዱ ክፍል ይሻርልኝ።» ስህተቱ የትኛው እንደሆነ፣ የትኛውን ሕግ እንደጣሰና ምን እንደሚጠየቅ በአራት መስመር አለቀ። የ300,000 ብሩን ውል ካልተካደ ፊርማዋ ጋር እየታገለች ብታነሳ ግን ጠንካራውን ቅሬታ ታደክመዋለች።

በሥር ፍርድ ቤት ያልተነሳ አዲስ ፍሬ ነገር በይግባኝ ማንሳት አይቻልም (ቁጥር 329)። ተጨማሪ ማስረጃም በመርህ ደረጃ ተቀባይነት የለውም፤ የሥር ፍርድ ቤት ያለአግባብ ከልክሎት ከሆነ ወይም የይግባኙ ፍርድ ቤት ራሱ ለፍርዱ ካስፈለገው ነው የሚገባው።

እግድ መጠየቅ

ይግባኝ ማለት አፈጻጸምን አያቆምም። ከሳሹ የአፈጻጸም መዝገብ ከፍቶ ሒሳቧን ሊያሳግድ ይችላል። ስለዚህ ከይግባኙ ጋር የእግድ ማመልከቻ ታቀርባለች። በዚህም ፍርዱ ቢፈጸም የማይናቅ ጉዳት እንደሚደርስባት፣ ሳትዘገይ እንዳመለከተችና ዋስትና ለማስያዝ ዝግጁ መሆኗን ታሳያለች። ያለ ዋስትና ሐሳብ የሚቀርብ እግድ ብዙ ጊዜ ደካማ ነው።

የበላይ ፍርድ ቤት ምን ሊለውጥ ይችላል?

ችሎቱ በመጀመሪያ ይግባኝ ባይን ብቻ ሰምቶ በሥር ፍርዱ ከተስማማ፣ መልስ ሰጪን ሳይጠራ መዝገቡን ሊዘጋው ይችላል (ቁጥር 337)። ይህ «አያስቀርብም» የሚባለው ነው። «ያስቀርባል» ከተባለ ግራ ቀኙ ይከራከራሉ። መልስ ሰጪውም በፍርዱ ቅር ከተሰኘ መስቀለኛ ይግባኝ ሊያቀርብ ይችላል፤ እንዲህ ከሆነ እርስዎ ሳይነካ የቀረ የመሰለዎት ክፍልም ሊነሳ ነው።

በመጨረሻ ፍርዱ ይጸናል፣ ይሻራል ወይም ይሻሻላል። በነጋዴዋ ጉዳይ የሚጠበቀው መሻሻል ነው፦ 300,000ው ጸንቶ 200,000ው ከፍርዱ ይወጣል። ከሥር ያልተጣራ ጭብጥ፣ ማለትም ለፍርዱ መልስ ማግኘት ያለበት ነጥብ፣ ካለ ደግሞ ተለይቶ እንዲጣራ ይመለሳል። የሥር ፍርድ ቤት ክሱን በመጀመሪያ ደረጃ መቃወሚያ ብቻ በስህተት ዘግቶት ከሆነም ዋናውን ጉዳይ እንዲያይ መዝገቡ ወደዚያው ይሄዳል።

የነጋዴዋን ይግባኝ የሚያየው የፌዴራል ከፍተኛ ፍርድ ቤት የሥሩን ካጸናው መደበኛው ይግባኝ እዚህ ያበቃል። የሚቀረው በ90 ቀን ውስጥ ለፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት የሚቀርብ የሰበር አቤቱታ ነው። ሰበር ማስረጃ እንደገና አይመዝንም፤ የሚያየው መሠረታዊ የሕግ ስህተትን ነው። ሕግን አለአግባብ መተርጎም፣ አግባብ ያለውን ጭብጥ አለመያዝ፣ ያለሥልጣን መፍረድ፣ አስገዳጅ የሰበር ውሳኔን መጣስ ይገኙበታል። «ምስክሮቹ አይታመኑም» የሚለው ሰበር ላይ አይሄድም፤ «ሕጉ በምስክር ማስረዳትን ይከለክላል» የሚለው ግን የሰበር ጥያቄ ሊሆን ይችላል።

ዳግም ዳኝነት

ይህ ሌላ መንገድ ነው፤ የሚቀርበውም ፍርዱን ለሰጠው ለዚያው ፍርድ ቤት ነው (ቁጥር 6)። ዳኛው ተሳስቷል ማለት እዚህ አይሠራም። ፍርዱ የቆመበት ሰነድ ሐሰተኛ መሆኑን፣ ምስክሩ በሐሰት መመስከሩን ወይም ጉቦ መሰጠቱን የመሰለ፣ ከፍርዱ በኋላ የተደረሰበት ነገር መኖር አለበት። ተገቢውን ጥረት አድርገውም በወቅቱ ሊያውቁት እንዳልቻሉ ያስረዳሉ። ነገሩ ያኔ ታውቆ ቢሆን ፍርዱን በመሠረቱ ይለውጠው ነበር የሚባል መሆንም አለበት።

ሕጉ የሚናገረው ይግባኝ ስላልተባለበት ወይም ይግባኝ ስለማይባልበት ፍርድ ነው። ስለዚህ የሐሰት ሰነዱን የደረሱበት የይግባኙ 60 ቀን ሳያልቅ ከሆነ የትኛውን መንገድ እንደሚይዙ ከማመልከትዎ በፊት ይወስኑ። ማመልከቻው ነገሩን ካወቁበት ቀን አንሥቶ በአንድ ወር ውስጥ መግባት አለበት። ስለዚህ መቼና እንዴት እንዳወቁት የሚያሳይ ወረቀት፣ ለምሳሌ የፎረንሲክ ምርመራ ውጤት የደረሰበትን ቀን፣ ከማመልከቻው ጋር ያያይዙ። ፍርድ ቤቱ ጥያቄውን ቢቀበለውም ባይቀበለውም በዚያ ውሳኔ ላይ ይግባኝ አይባልም።