የባንክ ሰርተፍኬት ወለድ ልክ መግባቱን በካልኩሌተር ማጣራት

የጊዜ ገደብ ተቀማጭህ ጊዜው ሲያበቃ ስቴትመንቱ ላይ የምታየው ብዙ ጊዜ ግብር የተቀነሰለት አንድ ቁጥር ነው። ከውስጡ ምን እንዳለ ለማወቅ ሰርተፍኬቱንና ካልኩሌተር ያዝ።

የራሴን ላሳይህ። 200,000 ብር፣ ወለድ 12 በመቶ፣ ጊዜው «6 ወር»፣ ከማርች 10 እስከ ሴፕቴምበር 10፣ 2024። የገባልኝ 11,243.84 ብር ነበር።

መጀመሪያ የአንድ ቀን ወለድ አውጣ። 12 በመቶው የዓመት ነው፤ የስድስት ወሩ የሚመስላቸው አሉ፣ ከዚያ «ግማሹን በሉብኝ» ይላሉ። የኔ የዓመቱ 24,000 ነው፣ ለ365 ሲካፈል በቀን 65.75 ብር ይሆናል። አንዳንድ ውል በ360 ያካፍላል፣ ይህ በቀን ከ90 ሳንቲም በላይ ስለሚለይ ጀርባው ላይ ያለውን ደቃቅ ጽሑፍ እይ።

ቀጥሎ ቀኖቹን ቁጠር። ገንዘቡ የገባበትን ቀን ቁጠረው፣ የሚያበቃበትን ተወው። በጣትም ቢሆን ቁጠር እንጂ «6 ወር ስለሆነ 180 ነው» እንዳትል! ማርች 10 መጋቢት 1 ነው፤ በኛ አቆጣጠር ስድስት ወር ሲሞላ ጳጉሜ 1 ላይ ያደርስሃል፣ ሴፕቴምበር 10 ግን ጳጉሜ 5 ነበር። ስለዚህ የኔ 184 ቀን ነው። 24,000 × 184 ÷ 365 ሲሰራ 12,098.63 ይመጣል።

ከዚያ ግብሩ። በወቅቱ በገቢ ግብር አዋጅ 979/2008 መሠረት ከባንክ ቁጠባ ወለድ የሚቆረጠው 5 በመቶ ነበር። አዋጁ በኛ አቆጣጠር በ2017 ስለተሻሻለ ላንተ የሚሰራውን መጣኔ ባንኩን ጠይቅ። ግብሩ የሚቆረጠው ከወለዱ ብቻ ነው፣ ዋናው ገንዘብ አይነካም። የኔ 604.93 ተቀንሶ 11,493.70 ይቀራል።

የገባልኝ ግን 249.86 ብር ያንሳል። ጥሩው ነገር ጉድለቱ ራሱ ምክንያቱን ይናገራል። ከግብር በኋላ የሚቀረው 95 በመቶ ስለሆነ ለ0.95 አካፍለው፣ ከግብር በፊት ያለው ጉድለት 263.01 ይሆናል። ያንን በቀን ወለዱ በ65.75 ስታካፍል 4 ቀን ወጣ። በቃ፣ ሲስተሙ ላይ ጊዜው በ180 ቀን ተመዝግቧል ማለት ነው።

መልሱ ሙሉ ቁጥር ባይሆን ኖሮ ችግሩን መጣኔው ወይም ግብሩ ላይ እፈልግ ነበር። ጊዜው ሳይሞላ ያወጣህ ከሆነ ግን ይህ ስሌት አይሠራም፤ ውሉ ላይ ቀድሞ ለሚያወጣ የተቀመጠው ወለድ ነው የሚታሰብልህ።

ቅርንጫፉ ስሄድ ሰርተፍኬቱን ኮፒ አድርጌ፣ ሁለቱን ቀኖች አስምሬ፣ «እነዚህ አራት ቀኖች የት ገቡ?» አልኩ። ልጅቷ ሲስተሙን ከፈተች፣ ጊዜ የሚለው ቦታ ላይ 180 ተጽፏል። ልዩነቱ በሳምንቱ ገባ።