የሰው ኃይል ወርኃዊ ሪፖርት አጻጻፍ፦ የቀረውንና የለቀቀውን ለይቶ መናገር

ብዙ የሰው ኃይል ክፍሎች ለማኔጅመንት የሚያቀርቡት ወርኃዊ ሪፖርት ሦስት ሠንጠረዥ ነው፦ ስንት ሠራተኛ አለ፣ ስንቱ ለቀቀ፣ ስንት የሥራ ቀን በመቅረት ባከነ። ሥራ አስኪያጁ ከታች ያለውን ድምር አይቶ ገጹን ይገለብጣል። ቁጥሩ ምን እንደሆነ የሚነግረው ሰው ስለሌለ የራሱን ግምት ይዞ ስብሰባ ይገባል፤ ግምቱም አብዛኛውን ጊዜ «ሠራተኛው ሰንፏል» የሚል ነው።

እዚህ የማሳየው እነዚያን ሦስት ቁጥሮች በሁለት ገጽ ተራ ዐማርኛ እንዴት ማስረዳት እንደሚቻል ነው። ምሳሌዬ በደብረ ብርሃን ዳርቻ ያለ የልብስ ስፌት ፋብሪካ፣ ወሩም ጥር ነው። ቁጥሮቹ ለማስላት እንዲመቹ አድርጌ ያዘጋጀኋቸው ናቸው፤ ችግሩ ግን በሰሜን ሸዋ ሠራተኛ የቀጠረ ሁሉ የሚያውቀው ነው። ከመንዝ፣ ከአንኮበር፣ ከአንጎለላና ጠራ የመጡ ወጣቶች ለገና ወይም ለጥምቀት ወደ ቤተሰብ ይሄዳሉ፣ ከዚያም ከፊሎቹ ሳይመለሱ ይቀራሉ። የሥራ መልቀቂያ አያስገቡም፣ ክሊራንስ አይጨርሱም፣ ስልካቸውም ብዙ ጊዜ ዝግ ነው።

1. ማን እንደሚቆጠር ይወስኑ

ቋሚ ሠራተኛ፣ የሙከራ ጊዜ ላይ ያለ፣ በወሊድ ፈቃድ ላይ ያለች ሁሉ ይቆጠራሉ። በኤጀንሲ በኩል የመጡ ጥበቃዎችና የቀን ሠራተኞች ለብቻቸው በአንድ መስመር ይጻፉ። ውሳኔው አንድ ጊዜ ከተደረገ በየወሩ አይቀየርም፤ ከተቀየረ ደግሞ ሪፖርቱ ላይ ይነገራል።

2. መነሻና መድረሻው ይታረቅ

የወሩ መነሻ ያለፈው ወር መድረሻ ነው። በእሱ ላይ የተቀጠሩትን ይደምሩ፣ የለቀቁትን ይቀንሱ፣ ውጤቱንም ከፔሮል ጋር ያስተያዩ። በምሳሌያችን ጥር 1 ቀን 600 ሠራተኞች ነበሩ፣ 35 ተቀጠሩ፣ 29 ለቀቁ፣ ጥር 30 ቀን 606 ሆኑ። አንድ ሰው እንኳ ቢበልጥ ወይም ቢጎድል ሌላውን ሥራ አቁመው ያንን ሰው ይፈልጉት። ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ተዛውሮ በሁለቱም ስሙ ያለ ሠራተኛ ነው።

3. የጠፉትን ለብቻ ያውጡ

ሪፖርቱ የሚበላሸው እዚህ ላይ ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልናገር።

ከላይ ባገኘነው 606 ውስጥ ከጥምቀት ወዲህ ያልታዩ 14 ሠራተኞች አሉ እንበል። መዝገባቸው አልተዘጋም፤ በአንድ ቀንም አይዘጋም። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አንድን ሠራተኛ ስለቀረ ብቻ ያለ ቅድመ ማስታወቂያ ለማሰናበት፣ ችግሩ በጽሑፍ እየተገለጸለት በስድስት ወር ውስጥ በድምሩ አምስት ቀን መቅረቱን ይጠይቃል። ደብዳቤ ይወጣል፣ በሰሌዳ ላይ ይለጠፋል፣ መልስ ይጠበቃል። ይህ ሁሉ ተገቢ ነው። ነገር ግን ወረቀቱ እስኪያልቅ ድረስ እነዚያ 14 ሰዎች በመዝገብ ላይ ሠራተኛ ናቸው፣ በየቀኑም «ቀሪ» ተብለው ይሞላሉ።

ይህ ሦስቱንም ቁጥር ያዛባል። የሠራተኛው ብዛት ከእውነቱ ይበልጣል፣ የለቀቀው ያንሳል፣ የቀረው ይጨምራል። ሦስቱም ስህተቶች ተደጋግፈው አንድ የሐሰት ታሪክ ይናገራሉ፦ «ሰው አለን፣ ግን አይመጣም።»

በቁጥር እንየው። ጥር ውስጥ አራት እሑድና ጥምቀት ሲወጡ 25 የሥራ ቀን ይቀራል። አማካይ የሠራተኛ ብዛት የመነሻና የመድረሻው ግማሽ ድምር ነው፣ 603። ስለዚህ በወሩ ሊሠራ ይገባ የነበረው 603 ሲባዛ በ25፣ ማለትም 15,075 የሠራተኛ ቀን ነው። የአቴንዳንስ መዝገቡ 905 ቀሪ ቀን ያሳያል። ይህ 6 በመቶ ነው። በታኅሣሥ 4.4 በመቶ ከነበረ ጭማሪው ያስደነግጣል። የለቀቁት 29 ደግሞ ለ603 ሲካፈሉ 4.8 በመቶ ይሆናሉ፤ በታኅሣሥ 4.1 ስለነበር ማንም አይደነግጥም።

አሁን የጠፉትን እናውጣ። ከጥር 12 እስከ 30 ድረስ 16 የሥራ ቀን አለ፤ 14 ሰው በ16 ቀን 224 ቀሪ ቀን ነው። ይህን ከቀሪውም፣ ሊሠራ ይገባ ከነበረውም እንቀንስ፦ 681 ለ14,851 ሲካፈል 4.6 በመቶ። ከታኅሣሥ ጋር ሲነጻጸር የተለወጠ ነገር የለም ማለት ይቻላል። የለቀቁትን ደግሞ 29 እና 14 ደምረን 43 እንበል። የወሩ መድረሻ 592፣ አማካዩ 596 ይሆናል፤ የለቀቁት መጠን፣ ማለትም ፍልሰቱ፣ 7.2 በመቶ።

ያው ፋብሪካ፣ ያው ወር፣ ታሪኩ ግን ተገለበጠ። በመጀመሪያው ስሌት ማኔጅመንቱ የመገኘት ጉርሻን ይቆርጣል፣ ለሱፐርቫይዘሮች ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ቅጣቱ የሚያርፈው በየቀኑ በሚመጡት ላይ ነው። እንዲህ ያለ እርምጃ በሚቀጥለው ወር የደህናዎቹን መልቀቂያ እንደሚያስከትል በአንድ ፋብሪካ ተመልክቻለሁ። በሁለተኛው ስሌት ጥያቄው ሌላ ነው፦ አዲስ የገቡት ለምን አይቆዩም?

አንድ ጥንቃቄ አለ። ሪፖርት ላይ «ጠፍቷል» ብሎ መቁጠር ማሰናበት አይደለም። የውሉ ጉዳይ በራሱ መንገድ ይሄዳል፤ ሪፖርቱ የሚያደርገው ሁለቱን ቁጥሮች፣ የመዝገቡንና የእውነቱን፣ ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው። ስንት ቀን የቀረ «ጠፋ» እንደሚባል ደንብ ያውጡለት። እኔ የሚስማማኝ በተከታታይ ሰባት ቀን ሳይታይ፣ ፈቃድም ሳይኖረው፣ ሱፐርቫይዘሩም የት እንዳለ ሳያውቅ ሲቀር ነው። የታመመ ሰው ወሬው በጓደኞቹ በኩል ይደርሳል፤ ስለዚህ መስመሩ ላይ ሄዶ ሳይጠይቁ ማንንም ከዝርዝሩ አያውጡ።

ለዚህ ውድ ሶፍትዌር አያስፈልግም፣ ኤክሴል ይበቃል። በአንድ ዓምድ ሠራተኛው ለመጨረሻ ጊዜ የታየበትን ቀን ይያዙ (እዚህ F ነው)፣ በሚቀጥለው ዓምድ ይህን ያስገቡ፦

```
=IF(TODAY()-F2>=7,"ይጣራ","")
```

ኤክሴል የሚቆጥረው በፈረንጆች አቆጣጠር ስለሆነ ቀኑ በዚያው ይግባ፤ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን ቀመሩን ያሳስተዋል። የአሻራ ማሽኑንም እንደ ብቸኛ ምስክር አይቀበሉት። በደብረ ብርሃን የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ እጁ የደረቀ ሠራተኛ ማሽኑ አሻራውን አላነብም ይለውና በቀጥታ ወደ ሥራው ይገባል። የመስመሩ ተቆጣጣሪ በእጁ የሚሞላው ወረቀት በዚህ ረገድ የተሻለ ነው።

4. መቅረትን ይክፈሉት

የዓመት ፈቃድና የወሊድ ፈቃድ ከመቅረት አይቆጠሩም፤ የታቀዱ ናቸው። የሕመም ፈቃድ አንድ መስመር፣ ያለ ፈቃድ መቅረት ሌላ መስመር ይሁን። ሁለቱን መደባለቅ የታመመውን ከቀልደኛው ጋር መክሰስ ነው።

5. የሚያወዳድሩበትን ወር ይምረጡ

ጥርን ከታኅሣሥ ጋር ብቻ ማወዳደር አይበቃም። ጥር የጥምቀትና የሠርግ ወር ነው፤ ኅዳር ደግሞ የአዝመራ። ገብሱ ሲታጨድ የገበሬ ልጅ ቤቱ ይፈለጋል። ስለዚህ ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወር ጋር ያስተያዩ፣ ልዩነቱን እዚያ ይፈልጉ። ጳጉሜን ለብቻዋ ሪፖርት አይጻፍላትም፤ በአምስት ወይም በስድስት ቀን የሚወጣ መቶኛ ዝም ብሎ ይዘላል። ከነሐሴ ጋር ያጣምሯት፣ የሥራ ቀኑንም አብረው ይደምሩ።

የአንድን ወር ፍልሰት በ12 አባዝቶ «በዓመት 86 በመቶ» ማለትም ስብሰባውን ከማወክ ሌላ ጥቅም የለውም። ዓመታዊ ከተፈለገ የ12ቱን ወር የለቀቁ ደምረው ለዓመቱ አማካይ ያካፍሉ።

6. ከዚያ በኋላ ይጻፉ

አንቀጹ አምስት ነገር ይናገር፦ ምን ሆነ፣ ከቀድሞው በምን ተለየ፣ የት ተከማቸ፣ ምክንያቱን በምን አወቅን፣ ምን ይወሰን። የጥር ወር ሪፖርታችን እንዲህ ይነበባል፦

> በጥር መጨረሻ በመዝገብ ያሉን ሠራተኞች 606 ሲሆኑ፣ በሥራ ላይ የምንቆጥራቸው 592 ናቸው። ልዩነቱ ከጥምቀት በኋላ ያልተመለሱ፣ መዝገባቸው ገና ያልተዘጋ 14 ሠራተኞች ናቸው። እነሱን ጨምሮ በወሩ 43 ሠራተኞች ለቀዋል፤ ይህም 7.2 በመቶ ነው። ባለፈው ዓመት ጥር 4.9 በመቶ ነበር። ከ43ቱ 31ዱ የ60 የሥራ ቀን የሙከራ ጊዜያቸውን ያልጨረሱ ሲሆኑ፣ አብዛኞቹም በታኅሣሥ አጋማሽ የገቡ ናቸው። መቅረት 4.6 በመቶ ነው፤ ካለፈው ዓመት ጥር አልተለየም። ከጠፉት 14 ሠራተኞች 9ኙን በስልክ አግኝተናል፤ 6ቱ የመጀመሪያው ደመወዝ እስኪደርስ የቤት ኪራይ መክፈል እንዳቃታቸው ነግረውናል። ለአዲስ ገቢዎች በሁለተኛው ሳምንት የደመወዝ ቅድሚያ ክፍያ እንዲፈቀድ እንጠይቃለን።

ይህ አንቀጽ ጥንካሬውን ያገኘው «አግኝተናል» እና «ነግረውናል» ከሚሉት ነው። የኪራይ ችግር የስድስት ሰዎች ቃል እንጂ የአርባ ሦስቱ እንዳልሆነ አንባቢው ያያል። «በደመወዝ ማነስ ምክንያት» ብሎ በጅምላ የሚጽፍ ሰው ከማኔጅመንቱ አንዱ «ማንን ጠይቃችሁ?» ሲለው መልስ ያጣል። ስለዚህ ሪፖርቱ ከመጻፉ በፊት ስልኩ ይደወል፤ የሚደውለውም የቀድሞ አለቃቸው ባይሆን ይመረጣል፣ ለእሱ እውነቱን አይነግሩትም።

ሠንጠረዦቹ በአባሪ ይሂዱ። በቀለም ያሸበረቀ ግራፍ አልወድም፤ የ12 ወር ፍልሰትን የሚያሳይ አንድ መስመር ካለ ይበቃል። የሠራተኛ ስምና የሕመም ዓይነት በዋናው ጽሑፍም ሆነ በአባሪው አይግባ።

7. በሚቀጥለው ወር ያርሙ

ከጠፉት ውስጥ የሚመለሱ ይኖራሉ። በየካቲት ከ14ቱ ሦስቱ ተመልሰው ሥራ ቢጀምሩ እንደ አዲስ ቅጥር አይቁጠሯቸው፤ የጥርን ፍልሰት ወደ 40 ያርሙና በሪፖርቱ መጀመሪያ ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር ይግለጹት። መዝገባቸው በየካቲት የተዘጋውን 11 ሠራተኞች ደግሞ በየካቲት ለቀቁ ብሎ እንደገና መቁጠር አይገባም። ፔሮሉ በየካቲት እንደወጡ ያሳያል፣ የእርስዎ ሪፖርት ግን በጥር ቆጥሯቸዋል፤ የሁለቱን ልዩነት የሚያስታርቅ አንድ መስመር በአባሪው ግርጌ ያስቀምጡ፣ የፋይናንስ ክፍሉ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነውና።