በቆልቱ አይሸትም፣ ታጥቧል፤ ታዲያ ነፍሰ ጡር ጥሬውን ብትበላው ምን አለበት?

ዘር መዘፍዘፍና ማንጠፍጠፍ ታውቃላችሁ፣ እሱን አልደግምም።

ምልክት፦ ሸተተ ወይም ተዝለገለገ። ውሃው አልተንጠፈጠፈም ማለት ነው፤ ድፉት።

ምልክት፦ ነጭ ጸጉር አወጣ። ውሃ ሲነካው ከጠፋ የሥር ጸጉር ነው። ካልጠፋ ሻጋታ ነው፣ ይሄም ይደፋል።

ምልክት፦ ምንም የለም። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይሄኛው ነው። ጥርት ያለ፣ ጠዋት ማታ የታጠበ በቆልት ሰላጣ ላይ ጥሬውን ተነስንሶ ለነፍሰ ጡር ወይም ለአያት ይቀርባል።

መንስኤ፦ ዘሩ ከማሳ ሲመጣ ከፍግ ወይም ከቆሻሻ ውሃ ጥቂት ሳልሞኔላ ወይም ኢ-ኮላይ ይዞ ሊመጣ ይችላል። ስንጥቁ ውስጥ ተሸጉጦ ደርቆ ለወራት ይቆያል። ስትዘፈዝፉት ይነቃል። ከዚያ ሦስት አራት ቀን እርጥበት፣ የድሬ ሙቀት፣ ከዘሩ የሚወጣ ምግብ። ዘሩን የሚያበቅለው ሁሉ ባክቴሪያውንም ያራባል፤ ጥቂት የነበረው በግራም ሚሊዮኖች ሊደርስ ይችላል። ሽታም ጣዕምም አይለውጥም። ማጠብ ላይ ላዩን ነው የሚነካው። እ.ኤ.አ. በ2011 ጀርመን ውስጥ ወደ 4,000 ሰው ያሳመመው፣ ከ50 በላይ የገደለው የአብሽ በቆልት ነበር። አዎ፣ ያው የኛው ሁልበት!

ሳቢያን ያለች ጎረቤቴ የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ምራት አለቻት። ማሰሮውን እንዲሞቀው ብላ ፍሪጅ አናት ላይ አራት ቀን አስቀመጠችው። "እንዴ፣ ሎሚ ጨምቄበታለሁ፣ የፈላ ውሃም አፍስሼበታለሁ እኮ" አለችኝ። እጄን ወንፊቱ ውስጥ ከተትኩ። ላዩ ሞቋል፣ መሃሉ ግን ቀዝቃዛ ነው። የፈላ ውሃ ማፍሰስ መቀቀል አይደለም! ሎሚውማ ጭራሽ።

መፍትሄ፦ ድስት። እስኪንተከተክ ቀቅሉት፣ መሃሉ ድረስ እንፋሎት ይውጣው፤ ወፍራሙን ባቄላ ስትነክሱት ልቡ ጥሬ ከሆነ ይመለስ። ምራቲቱ "ቁርጭ ቁርጭ ማለቱ ጠፋ" ብላ አኮረፈች። ታኩርፍ። እናቶቻችንም በቆልት ቀቅለው ነው ያበሉን፣ ጥሬው ከስልክ የመጣ ፋሽን ነው።

ፍሪጅ መፍትሄ አይደለም። ሊስቴሪያ የሚባለው እዚያም ይራባል። እናቲቱን እንደ ጉንፋን ብቻ ሊያደርጋት ይችላል፣ ጽንሱ ጋ ከደረሰ ግን ሊያስወርዳት ይችላል። አዛውንት ደግሞ የመከላከል አቅማቸው ይደክማል፤ የጨጓራ አሲድ መቀነሻ የሚወስዱ ከሆነ ባክቴሪያውን የሚገድለው አሲድም ያንሳል። ስለዚህ ለሁለቱም ጥሬው ትንሽም ቢሆን ይቅር።

የጥሬው እጣቢ የነካውን ቢላዋና መክተፊያ በሳሙና እጠቡ። ለመዝራት ተብሎ መድኃኒት የተቀባ ዘር ደግሞ ቢቀቀልም አይበላም፣ እባካችሁ!

ነፍሰ ጡሯ ጥሬ በቆልት ቀድማ በልታ ከሆነ አትደናገጡ። ትኩሳት ከመጣ ግን፣ ከሳምንታት በኋላም ቢሆን፣ ጤና ጣቢያ ሂዱና "ጥሬ በቆልት በልታለች" በሉ፣ ካልነገራችሁ ማንም አይጠይቃችሁም።