ለአንድ ግዢ ሁለት ጊዜ ተቆረጠብኝ ሲሉ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

የእህቴ ልጅ እዚሁ ጎንደር ሕክምና ትማራለች። አንድ ቀን ፒያሳ ካለ ካፌ ተቀምጣ፣ 300 ዶላር በተሞላ የባንክ ካርድ የ98 ዶላር ማዳመጫ ከውጭ አገር ድረ ገጽ አዘዘች። «ክፈል» የሚለውን ስትጫን ኔትወርኩ ተቋረጠ፤ ገጹ እንደገና ሲከፈት ደግማ ተጫነች። ወዲያው 98 ዶላር መቀነሱን የሚገልጹ ሁለት አጭር መልእክቶች ደረሷትና «ጋሼ፣ ሁለት ጊዜ ወሰዱብኝ!» ብላ ደወለችልኝ።

አጭር መልእክቱን እንደ ደረሰኝ መቁጠር። በካርድ የሚፈጸም የኢንተርኔት ግዢ በሁለት እርምጃ ያልፋል። በመጀመሪያው፣ ሻጩ ገንዘቡ መኖሩን ባንኩን ይጠይቃል፤ ባንኩም ከፈቀደ ያንን ያህል ገንዘብ ይይዝለታል እንጂ አይሰጠውም። በሁለተኛው፣ ሻጩ ብዙውን ጊዜ ዕቃውን ሲልክ ሂሳቡን ያቀርባል፤ ገንዘቡ በእርግጥ የሚቆረጠውም ያን ጊዜ ነው። መልእክቱ የሚላከው ግን በመጀመሪያው እርምጃ ላይ ነው፤ «ተቀንሷል» የሚለው ቃሉም የተያዘውን ከተቆረጠው አይለይም። በእህቴ ልጅ ላይ የደረሰውም ይኸው ነበር፤ ባንኩ የመጀመሪያውን ጥያቄ ፈቅዶ ሳለ መልሱ ገጿ ላይ ሳይደርስ መስመሩ ተቋረጠ፣ ሁለተኛው ጭነት ደግሞ እንደ አዲስ ጥያቄ ተቆጥሮ ሌላ 98 ዶላር አስያዘ።

አንዱን ቀሪ ሂሳብ ብቻ ማየት። ከሁሉም የሚብሰው ስህተት ይህ ይመስለኛል፤ ምክንያቱም መልሱ ያለው ሁለቱን ቀሪዎች ጎን ለጎን በማየት ነው። አንዱ በመዝገብ ላይ ያለው ጠቅላላ ቀሪ ሲሆን፣ ሌላው የተያዘው ተቀንሶለት አሁን ሊወጣ የሚችለው ነው። በዚያው ቀን የልጅቷ ጠቅላላ ቀሪ 300 ሆኖ ሳለ ሊወጣ የሚችለው 104 ብቻ ነበር፤ ስለዚህ 196 ዶላር ተይዟል እንጂ አንድም ሳንቲም አልተቆረጠም። በሦስተኛው ቀን ሻጩ ዕቃውን ሲልክ ጠቅላላው ወደ 202 ወረደ፣ ሊወጣ የሚችለው ግን ባለበት 104 ቆየ። በዘጠነኛው ቀን ሁለተኛው እገዳ፣ ማለትም ሳይቆረጥ ተይዞ የቆየው 98 ዶላር፣ በራሱ ሲለቀቅ ሁለቱም ቀሪዎች 202 ላይ ተገናኙ። ጠቅላላው ወደ 104 ወርዶ ቢሆን ኖሮ ግን በእርግጥ ሁለት ጊዜ ተቆርጧል ማለት ነበር። የባንክዎ መተግበሪያ ሁለቱን ቀሪዎች ለይቶ ካላሳየ፣ ከግዢው ጎን Pending ወይስ Posted የሚል መኖሩን ይመልከቱ፤ የመጀመሪያው የተያዘውን፣ ሁለተኛው የተቆረጠውን ያመለክታል።

የትዕዛዝ ዝርዝሩን ሳያዩ ባንክ ቤት መሄድ። ወደ ባንክ ከመውጣትዎ በፊት በሻጩ ገጽ ላይ ስንት ትዕዛዝ እንደ ተመዘገበ ይቁጠሩ። ሁለት የትዕዛዝ ቁጥር ካለ፣ ሳያውቁ ሁለት ዕቃ ገዝተዋልና አንዱን ሳይላክ ማሰረዝ ይኖርብዎታል። ትዕዛዙ አንድ ሆኖ የተቆረጡት ሁለት መጠኖች ከተለያዩና ተደምረው የዕቃዎቹን ጠቅላላ ዋጋ ከሰጡ ደግሞ፣ ሻጩ ዕቃዎቹን በሁለት ጥቅል ለያይቶ ልኮ ይሆናል፤ ይህ ስህተት አይደለም።

ሻጩን «ገንዘቤን መልስልኝ» ማለት። ሻጩ ያልተቀበለውን ገንዘብ ሊመልስ አይችልም፤ «ከእርስዎ የተቀበልነው አንድ ክፍያ ብቻ ነው» ብሎ ቢመልስልዎ እውነቱን ሊሆን ይችላል። ሊጠየቅ የሚገባው ባንኩ ገንዘቡን ሲይዝ የሰጠው ፈቃድ እንዲሰረዝ ነው። ሻጩ ፈቃዱን ከሰረዘ እገዳው ቶሎ ሊነሣ ይችላል፤ ካልሰረዘ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ቀናት እስከ አንድ ሳምንት ገደማ፣ አልፎ አልፎም እስከ 30 ቀን ይቆያል። ገንዘቡ በቶሎ የሚያስፈልግዎ ከሆነ፣ ሻጩ የፈቃዱን ቁጥር ጠቅሶ መሰረዙን በጽሑፍ እንዲገልጽልዎ ጠይቀው ያንን ለባንክዎ ያቅርቡ።

ሁሉንም «በራሱ ይመለሳል» ብሎ መተው። ከሞባይል ገንዘብ ወይም ከባንክ ሂሳብ በቀጥታ ለሻጭ የተላለፈ ብር ወዲያው ሻጩ ዘንድ ይደርሳል፤ ሁለት ጊዜ ከላኩ እየጠበቁ የሚለቀቅ እገዳ የለምና በዚያው ቀን የሁለቱን ዝውውሮች ቁጥር ይዘው ይጠይቁ። በካርድ ከሆነም፣ ሁለቱ ክፍያዎች በአንድ የትዕዛዝ ቁጥር ተቆርጠው ካገኟቸው ባንኩን የእያንዳንዳቸውን ባለ 23 አሃዝ መለያ ቁጥር ይጠይቁ። ይህ ቁጥር የሚኖረው ሻጩ ሂሳቡን ካቀረበ በኋላ ነው፤ የተያዘ ብቻ ከሆነ አይገኝም። ሁለት የተለያዩ ቁጥሮች ከተሰጡዎት የትዕዛዙን ማረጋገጫና የሂሳብ መግለጫውን አያይዘው ቅሬታዎን በጽሑፍ ያስገቡ። የካርድ ድርጅቶች ደንብ ለእንዲህ ያለው አቤቱታ የሚሰጠው ጊዜ ከሦስት እስከ አራት ወር ገደማ ነው፤ ባንክዎ ግን ከዚያ ያጠረ ቀነ ገደብ ሊኖረው ስለሚችል ቅሬታውን በሚያስገቡበት መስኮት ላይ ቀኑን ጠይቀው ይያዙ።