ጥቁር ጥለት ያዘዘች ሰማያዊ ሲደርሳት፦ ሸማ በቴሌግራም ስትሸጡ ከገዢ የሚያጣሉ ስህተቶች

ደሴ ላይ ጋቢና ነጠላ በቴሌግራም እሸጣለሁ። ሥራውን በጀመርኩ ሰሞን አንዲት የአዲስ አበባ ደንበኛ ለአባቷ ተዝካር ጥቁር ጥለት ያላቸው ሦስት ነጠላዎች አዘዘችኝ። ፎቶውን ያነሣሁት ማታ፣ በሱቁ ቢጫ አምፖል ነበር። ነጠላዎቹ ሲደርሷት ደወለች፤ «ወንድሜ፣ ይኼ እኮ ሰማያዊ ነው! ይህን ለብሼ ተዝካር ላይ እንዴት እቆማለሁ?» አለችኝ። እውነቷን ነበር። ገንዘቧን መለስኩ፣ የደርሶ መልስ መጫኛውንም ከፈልኩ፤ ተዝካሩ ግን አለፈ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

በአምፖል ብርሃን ማንሣት። ከሁሉ የበለጠ ጣጣ የሚያመጣው ይኼ ነው። ቢጫ አምፖል ውስጥ ያለው ሰማያዊ ብርሃን ትንሽ ስለሆነ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ጥቁር ይመስላል፣ ነጩ ጥጥም ወደ ክሬም ይሄዳል። ስልኩ ደግሞ ቀለሙን በራሱ ለማስተካከል ስለሚሞክር የአንዱ ነጠላ ሁለት ፎቶ እንኳ ላይመሳሰል ይችላል። የቀትር ፀሐይም አያዋጣም፤ ነጩ ከልክ በላይ ይበራና ሽመናው ይጠፋል።

ጠዋት ወይም ከሰዓት በኋላ፣ ከቤት ውጭ ጥላ ሥር አንሡ። ገበያ ላይ ከሆናችሁ ከሸራው ሥር ውጡ፤ ሰማያዊ ሸራ ነጩን ሁሉ ሰማያዊ ያደርገዋል። ከጨርቁ ጎን ነጭ ወረቀት አስቀምጡ። ወረቀቱ በፎቶው ላይ ቢጫ ወይም ሰማያዊ ከመሰለ እንደገና አንሡ። የሚያጠራጥር ቀለም ሲሆን እኔ በጥለቱ ላይ ጥቁር ክር አጋድሜ በቅርብ አነሣለሁ፤ ልዩነቱ ያኔ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ቴሌግራም ፎቶን ስለሚያሳንስ የቅርብ ፎቶውን ለገዢው በፋይል ላኩለት።

«ትልቅ ጋቢ» ብሎ መጻፍ። ክንድም ቢሆን እንደ ለኪው ነው፤ የረጅም ሰው ክንድና የአጭር ሰው ክንድ አይገናኙም። ጋቢውን ጠረጴዛ ላይ ሳትወጥሩ ዘርጉና በሜትር ለኩ፤ ዘርፉን አትቁጠሩ፣ ለብቻው ጻፉት። አስቸጋሪው መጨማተሩ ነው። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፣ ምን ያህል እንደሚሰበሰብ ግን እንደ ክሩና እንደ ሸማኔው አመታት ይለያያል። ስለዚህ ከአንድ ሸማኔ ብዙ ስትወስዱ አንዱን ጋቢ ራሳችሁ በቀዝቃዛ ውኃ አጥባችሁ ለኩ። እኔ ያጠብኩት አንዱ 2 ሜትር ከ70 የነበረው 2 ሜትር ከ58 ሆነ፤ 12 ሳንቲ ሜትር ቀነሰ ማለት ነው። አሁን ሁለቱንም ቁጥር እጽፋለሁ። ለረጅም ሰው የሚገዛ ሁለተኛውን አይቶ ይወስናል።

«ሙሉ በሙሉ በእጅ የተፈተለ»። ብዙ ጊዜ ድሩ የፋብሪካ ክር ነው፣ በእጅ የተፈተለው ማጉ ብቻ ነው። ይህ ነውር የለውም፤ ነገር ግን እንዳለ ጻፉት። የጥለቱን ክር ደግሞ ሸማኔውን ጠይቁ፤ ካላወቀ ከጫፉ ቁራጭ ክር አቃጥሉ። ጥጥ ወረቀት ወረቀት እየሸተተ ነድዶ ለስላሳ አመድ ይሆናል። ቀልጦ ጠንካራ ጓል ከሠራ ሰው ሠራሽ ክር ነው፤ «ጥጥ» ብላችሁ አትሽጡት።

ስፌትና ቋጠሮን ከፎቶ ማውጣት። የሸማኔ ዕቃ ጠባብ ስለሆነ ጋቢ ሁለት ወርድ ተጋጥሞ ይሰፋል። ውጭ አገር የሚኖር ገዢ መሐሉ ላይ መጋጠሚያ ሲያይ የተቀደደ ተጠግኖ የተላከለት ይመስለዋል። መጋጠሚያውን በቅርብ አንሥታችሁ ምን እንደሆነ ጻፉለት። ቋጠሮ ወይም ወፈር ያለ ክር ካለም ጣታችሁን አጠገቡ አድርጋችሁ አሳዩ። አስቀድሞ ያየውን ነገር ይዞ የሚከራከር ገዢ እስካሁን አልገጠመኝም።

በአንድ ፎቶ አሥሩን መሸጥ። በእጅ የተሠራ ሁለት አንድ ዓይነት የለም። ለእያንዳንዱ ቁጥር ስጡ፣ ቁጥሩን ወረቀት ላይ ጽፋችሁ አብራችሁ አንሡ።

ያንን ነጠላ ዛሬ ብሸጠው እንዲህ ብዬ እጽፋለሁ፦

«ነጠላ ቁጥር 14። ጥለቱ ጠቆር ያለ ሰማያዊ ነው፤ ማታ በአምፖል ጥቁር ይመስላል፣ ጥቁር ግን አይደለም። ለሐዘን ጥቁር ለሚፈልግ አይሆንም። ድሩ የፋብሪካ፣ ማጉ በእጅ የተፈተለ። ጥለቱ ሰው ሠራሽ ክር። በአንዱ ጫፍ አንድ ቋጠሮ አለ፤ ሦስተኛው ፎቶ ላይ ይታያል።»