የእድር ቃለ ጉባኤ፦ ማን ይመዝግብ፣ ማን ያዘጋጅ፣ ማን ይፈርም?

በብዙ እድሮች ጸሐፊው ሁሉንም ይሠራል። ስም ይጠራል፣ የመጣ ደብዳቤ ያነባል፣ ስለ ውዝፍ መዋጮ ይጠየቃል፣ ይመልሳል፣ ይከራከራል። በዚያው መሀል ቃለ ጉባኤም ይይዛል። ስብሰባው ሲሞቅ እስክሪብቶው ይቆማል። ቤት ገብቶ ያስታወሰውን ይጽፋል፣ ሰብሳቢው ደግሞ አምኖት ሳያነብ ይፈርማል። እስከ አንድ ቀን ድረስ ምንም ችግር የለም።

ያ ቀን እንዴት እንደሚመጣ በምሳሌ እንየው። 180 አባላት ያሉት እድር ነሐሴ 18 ቀን 2017 ዓ.ም. እሁድ ጠቅላላ ጉባኤ ጠራ እንበል። አጀንዳው ወርሃዊ መዋጮውን ከ100 ብር ወደ 150 ብር፣ ለእናትና ለአባት ሞት የሚሰጠውን ገንዘብ ደግሞ ከ20,000 ብር ወደ 30,000 ብር ማሳደግ ነው። ሁለት ሰዓት ተከራከሩ። በመጨረሻ ሰብሳቢው «በቃ ተስማምተናል፣ ወደሚቀጥለው እንለፍ» አሉ። መዝገቡ ላይ የሰፈረው «የእድሩ መዋጮና ክፍያ እንዲጨምር ተወሰነ» የሚል አንድ መስመር ነው።

ጳጉሜን 3 የአንድ አባል እናት አረፉ። ለቤተሰቡ ስንት ይሰጥ? ሰብሳቢው አዲሱ ክፍያ ከአዲሱ ዓመት ይጀምራል ብለው ያስታውሳሉ። ጸሐፊው አዲሱ መዋጮ ሲሰበሰብ ነው ይላል። ሀዘንተኛው ነሐሴ ላይ የተወሰነ ውሳኔ ከዚያው ቀን ጀምሮ ይሠራል ባይ ነው። ሦስቱም የሚናገሩት ያመኑበትን ነው፣ ማንም አልዋሸም። ድንኳን ውስጥ በ10,000 ብር መካሰስ የመጣው ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ስለተደበላለቁ ነው። ስለዚህ እንለያቸው።

1. ከስብሰባው በፊት ሦስቱን ሰዎች ለዩ

ቃለ ጉባኤ ያዥ፣ ጸሐፊና ሰብሳቢ ሦስት የተለያዩ ሰዎች ይሁኑ። ቃለ ጉባኤ ያዡ የኮሚቴ አባል መሆን የለበትም። ከአባላቱ ወይም ከአባል ልጆች መካከል ቶሎ የሚጽፍ፣ ጽሑፉ የሚነበብ፣ በዕለቱ አጀንዳ የግል ጥቅም የሌለው ሰው ይበቃል። በዚያ ቀን ሥራው መስማትና መጻፍ ብቻ ነው። አስተያየት መስጠት ከፈለገ ለዚያ አጀንዳ ሌላ ሰው ይተካው፣ መተካቱም ይጻፍ።

ጸሐፊው አጀንዳውን፣ የአባላት ዝርዝሩንና ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ይዞ ይቀርባል። ከስብሰባው በኋላ ረቂቁን ያዘጋጃል፣ መዝገቡንም ይጠብቃል። ሰብሳቢው ይመራል፣ ውሳኔውን በቃል ያሳውቃል፣ ይፈርማል። ማህተሙ ከመዝገቡ ጋር በአንድ ሰው እጅ ባይሆን ጥሩ ነው። መዝገቡ ጸሐፊው ጋ ከሆነ ማህተሙ ሰብሳቢው ጋ ይቀመጥ። አንድ ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ጽፎ፣ ራሱ ማህተም አድርጎ ባንክ ይዞ መሄድ እንዳይችል ነው። ባንኮች የሂሳብ ፈራሚ ለመቀየር ቃለ ጉባኤ እንደሚጠይቁ አስታውሱ።

እድሩ ትንሽ ሆኖ ሰው ከጠፋ ጸሐፊና ቃለ ጉባኤ ያዥ አንድ ሰው ሊሆኑ ይችላሉ። ሰብሳቢው ግን ቃለ ጉባኤ በፍጹም መያዝ የለበትም። መድረኩን የሚመራውና ምን እንደተባለ የሚጽፈው አንድ ሰው ከሆነ ሌላው ሁሉ ምስክር አልባ ይሆናል።

2. የመገኘት ፊርማውን ለብቻው አስፈርሙ

እዚህ ላይ ብዙ እድር ይሳሳታል። በር ላይ ባዶ ወረቀት ይዞራል፣ ሰው ይፈርማል፣ በኋላ ያ ወረቀት ከውሳኔው ጀርባ ይያያዛል። ሲታይ የተገኘው ሰው ሁሉ በውሳኔው የተስማማ ይመስላል። ተቃውሞ የወጣውም ሰው ፊርማው አለ።

መፍትሔው ቀላል ነው። ጸሐፊው በእያንዳንዱ ገጽ ራስ ላይ ቀኑን፣ የገጹን ቁጥርና «ይህ በስብሰባው ላይ የመገኘት ፊርማ ነው» የሚል ጽሑፍ አስቀድሞ ይጻፍ። ስብሰባው ሲያልቅ ባዶ የቀሩት መስመሮች ላይ ሰረዝ ይደረግባቸው። ቆጠራውን ቃለ ጉባኤ ያዡ ይውሰድ፤ በምሳሌያችን ከ180 አባላት 112 ተገኝተዋል። ምልዓተ ጉባኤ መሟላቱን በመተዳደሪያ ደንቡ መሠረት ሰብሳቢው ጮክ ብሎ ይናገር፣ ይህም ይመዝገብ።

3. ሰብሳቢው ከድምጽ በፊት ውሳኔውን ይናገር፣ ያዡ መልሶ ያንብብ

ከሁሉም እርምጃ አንዱን ብቻ ውሰዱ ብትሉኝ ይሄኛውን እሰጣችኋለሁ። ክርክሩ ሲበስል ሰብሳቢው «ተስማማን?» ከማለት ይልቅ ድምጽ የሚሰጥበትን ነገር በሙሉ ዓረፍተ ነገር ይናገር። ማን፣ ምን፣ ስንት፣ ከመቼ ጀምሮ፣ ማን ያስፈጽም የሚሉት ጥያቄዎች በሙሉ መልስ ያግኙበት። ቃለ ጉባኤ ያዡ እንደሰማው ይጽፍና ለጉባኤው ያነባል። አንዱ ከጎደለ ማስቆም መብቱ ብቻ አይደለም፣ ግዴታው ነው።

«ጋሼ፣ ይቅርታ፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ብዬ ልጻፍ?»

«ልክ ነሽ ልጄ። አባላት፣ ይሄን እንወስን።»

ያቺ አንድ ጥያቄ የጳጉሜኑን ጠብ ታስቀራለች። ከዚያ በኋላ መዝገቡ ላይ የሚሰፍረው እንዲህ ይሆናል፦

«ወርሃዊ መዋጮ ከ100 (አንድ መቶ) ብር ወደ 150 (አንድ መቶ ሃምሳ) ብር እንዲያድግ፣ ለእናትና ለአባት ሞት የሚከፈለው ከ20,000 (ሃያ ሺህ) ብር ወደ 30,000 (ሠላሳ ሺህ) ብር እንዲያድግ፣ ሁለቱም ከጥቅምት 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ እንዲሠራ፣ ከዚያ ቀን በፊት ለደረሰ ሀዘን የቀድሞው ክፍያ እንዲጸና ተወሰነ። አስፈጻሚ፦ ገንዘብ ያዥ። ድጋፍ 87፣ ተቃውሞ 16፣ ድምጸ ተአቅቦ 9።»

ቁጥሮቹን ደምሩ፤ 112 ይመጣል። ካልመጣ ወይ ሰው ወጥቷል ወይ ቆጠራው ተሳስቷል። ሰው ሳይበተን እዚያው ይጣራ። እጅ የሚቆጥሩት ከአባላት መካከል የተመረጡ ሁለት ሰዎች ቢሆኑ ይመረጣል፣ ሰብሳቢው ውጤቱን ብቻ ያሳውቅ። የተቃወመ ሰው «ስሜ ይመዝገብልኝ» ካለ ስሙና ምክንያቱ ባጭሩ ይገባል። ክርክሩን ቃል በቃል መጻፍ ግን አያስፈልግም። ማን ማንን ሰደበ የሚለው መዝገብ ውስጥ ምንም አይሠራም።

አጀንዳው ራሱን ሰብሳቢውን የሚነካ ከሆነ፣ ለምሳሌ ድንኳኑን የሚሸጠው ወንድሙ ቢሆን፣ ለዚያ አጀንዳ ምክትሉ ይምራ። ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደመራም ይጻፍ።

4. ጸሐፊው ያስተካክል፣ ግን አይጨምር

ስብሰባው እንዳበቃ ያዡ የእጅ ጽሑፉን በእያንዳንዱ ገጽ ፈርሞ ለጸሐፊው ይሰጣል፣ ፎቶ አንስቶም ለራሱ ያስቀራል። ጸሐፊው ትዝታው ሳይደበዝዝ በሦስት ቀን ውስጥ ረቂቁን ያዘጋጅ። የፊደል ስህተት ማረም፣ ቅደም ተከተል ማስያዝ፣ አጀንዳውን በቁጥር መለየት ይችላል። የእጅ ጽሑፉ ውስጥ የሌለ ውሳኔ፣ ቀን ወይም ቁጥር መጨመር አይችልም። የጎደለ ነገር ካየ ጠርዙ ላይ «አልተገለጸም» ብሎ ይተወው። መልካም አስቦ የሚሞላ ጸሐፊ ነው ብዙውን ጊዜ ችግር የሚፈጥረው፤ ቀኑን የገመተው ለሥራው አስቦ ነው፣ ግምቱ ግን ውሳኔ ሆኖ ይነበባል።

ረቂቁን ያዡ ከእጅ ጽሑፉ ጋር ያመሳክርና ይፈርምበት። ከዚያ ወደ ሰብሳቢው ይሄዳል። ሰብሳቢው «እዚህ ጋ እንዲህ አልነበረም» ማለት ይችላል። ግን በራሱ እጅ አይሰርዝም። አስተያየቱን በተለየ ወረቀት ጽፎ ይመልሳል። ሦስቱ ካልተስማሙ ሁለቱም አባባል ለቀጣዩ ጉባኤ ይቀርባል፤ የሰማው ጉባኤው ነውና የሚፈርደውም እሱ ነው።

ጉባኤውን በስልክ መቅዳት የሚፈልጉ አሉ። ሰብሳቢው መጀመሪያ ላይ አስታውቆ፣ አባላት ፈቅደው ከሆነ ለማመሳከሪያ ይጠቅማል። ጫጫታ ውስጥ የተቀዳ ድምጽ ግን ማን እንደተናገረ አይለይም። በጽሑፉ ምትክ አትቁጠሩት።

5. ከጸደቀ በኋላ ማንም አይነካውም

በሚቀጥለው ስብሰባ የመጀመሪያው አጀንዳ ያለፈውን ቃለ ጉባኤ ማንበብ ነው። ጸሐፊው ያነባል፣ ሰብሳቢው እርማት ካለ ይጠይቃል፣ እርማቱ በአዲሱ ቃለ ጉባኤ ውስጥ ይመዘገባል። በድሮው ጠርዝ ላይ «በዚህ ቀን ስብሰባ ተራ ቁጥር 1 ይታይ» ተብሎ ይጠቆማል፣ ሌላው እንዳለ ይቀራል። ከጸደቀ በኋላ ሦስቱም ይፈርሙና ማህተም ይደረጋል። ያዡ በትክክል ሰምቼ ጽፌያለሁ ይላል። ጸሐፊው ሳልጨምርና ሳልቀንስ አዘጋጅቻለሁ ይላል። ሰብሳቢው ጉባኤው የወሰነው ይህን ነው ይላል። ከየፊርማው በላይ ይህ ቃል ተጽፎ ቢቀመጥ ነገ ጥያቄ ሲነሳ ማን ስለምን እንደሚጠየቅ ይታወቃል።

መዝገቡ የተጠረዘና ገጾቹ ከመጀመሪያው ቁጥር የተሰጣቸው ይሁን። በእጅ ሲጻፍ የተሳሳተ ቃል በአንድ መስመር ይሰረዝ፣ ከሥር ያለው ይነበብ፣ ጎኑ ላይ ይፈረም። በነጭ ማጥፊያ የተቀባ መስመር ምንም ቢሆን አያስተማምንም። ስርዝ ድልዝ የበዛበትን ገጽ ባንክም ፍርድ ቤትም በጥርጣሬ ያያል። የእጅ ጽሑፉን ደግሞ ቢያንስ እስከሚቀጥለው ዓመታዊ ጉባኤ አትጣሉት።

6. ጸሐፊ ሲቀየር

መዝገብ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠፋው በዚህ ሰዓት ነው። የድሮው ጸሐፊ ቤት ይቀይራል፣ መዝገቡ ከዕቃ ጋር ይሄዳል። ርክክቡ ቃለ ጉባኤ ያዡና አንድ ተራ አባል ባሉበት ይደረግ። ስንት መዝገብ፣ ከገጽ ስንት እስከ ገጽ ስንት፣ የመጨረሻው የጸደቀ ቃለ ጉባኤ የየትኛው ቀን እንደሆነ፣ ያልጸደቀ ረቂቅ ካለ እሱም ተዘርዝሮ ይጻፍ። የተቀደደ ወይም የጎደለ ገጽ ካለ በዚያው ሰነድ ላይ ይገለጽ። አስረካቢና ተረካቢ ይፈርማሉ፣ አንዱ ቅጂ ሰብሳቢው ጋ ይቀራል።