ሁለት ባለሙያዎችን በኢሜይል ከማስተዋወቅዎ በፊት

አገር ቤት አንድ ሰው ምክር ሲፈልግ «የእገሌን ስልክ ልስጥህ፤ እኔ እንደላክሁህ ንገረው» ማለት ደግነት ነው። እዚህ አሜሪካ ግን በሥራ ጉዳይ የሰውን አድራሻ ሳያስፈቅዱ መስጠት፣ ወይም ሁለት ሰዎችን ሳይጠይቁ በአንድ ኢሜይል ላይ ማገናኘት፣ ጊዜ የሌለውን ሰው እምቢ ለማለት በሚያሳፍረው ሁኔታ ውስጥ ይከተዋል።

ከአዲስ አበባ ወደ ሜሪላንድ በቅርቡ የመጣች ፋርማሲስት፣ በውጭ አገር የተማሩ ፋርማሲስቶች ለሥራ ፈቃድ ሲዘጋጁ የሚወስዱትን ኤፍፒጂኢኢ የተባለውን ፈተና ካለፈ ሰው ጋር እንዳገናኛት ጠየቀችኝ። ያሰብኳትን ወዳጄን ስም ገና አልነገርኳትም። አስቀድሜ የጠየቅኋት በትክክል ምን እንደምትፈልግ ነበር፤ «ታማክረኝ» ብቻ ከሆነ ተጠያቂዋ ምን ያህል ጊዜ እንደሚወስድባት ማወቅ አትችልምና። ተነጋግረን ጥያቄውን ወደ አንድ ጉዳይ አጠበብነው፦ ሙሉ ቀን እየሠሩ ለፈተናው እንዴት ማጥናት እንደሚቻል፣ በ20 ደቂቃ የስልክ ውይይት። ስለ ራሷ የትኛውን መናገር እንደምችልም አስፈቀድኋት፤ የመኖሪያ ፈቃዷ ጉዳይ ለምሳሌ ለዚህ አያስፈልግም።

ከዚያ ለወዳጄ ለብቻዋ እንዲህ ስል ጻፍሁ፦ «በአዲስ አበባ ለ6 ዓመት በሆስፒታል ፋርማሲ የሠራች ባለሙያ ለኤፍፒጂኢኢ እየተዘጋጀች ነው። ሥራና ጥናት እንዴት እንዳጣመርሽ በስልክ 20 ደቂቃ ልታነጋግርሽ ትፈልጋለች። ባገናኛችሁ ፈቃድሽ ነው? ካልተመቸሽ ምክንያት መስጠት አያስፈልግሽም፤ ስምሽንም አልነገርኳትም።» የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እንዳይቀር፤ ጥያቄውን ከልብ ጥያቄ የሚያደርገው እርሱ ነው። መልስ ካልመጣ ከሳምንት በኋላ አንድ ጊዜ ብቻ ያስታውሱ። ዝምታን እንደ እሺታ መቁጠር ትልቅ ስሕተት ነው።

እሺታዋ ሲደርሰኝ ለሁለቱም በአንድነት አጭር ኢሜይል ላክሁ። በርዕሱ ላይ የሁለቱን ስምና «የኤፍፒጂኢኢ ዝግጅት» የሚለውን ጻፍሁ፤ ከሥር ስለ እያንዳንዳቸው ሁለት ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ የሚገናኙበትን ምክንያት፣ በመጨረሻም ቀጥሎ ማን እንደሚጽፍ አስቀመጥሁ። ቀጥሎ መጻፍ ያለባት ጠያቂዋ ናት፤ በማግሥቱ ሳይዘገይ አመስግና፣ ሁለት ሦስት የሚመቹ ሰዓታትን ጠቁማ፣ የእኔን አድራሻ «Bcc» ወደሚባለው የስውር ቅጂ መስመር ታዛውራለች። እንዲህ ካልተደረገ የቀጠሮ ልውውጡ ሁሉ አገናኙ ዘንድ እየደረሰ ያስቸግራል።

ወዳጄ ባይመቻት ኖሮ ለጠያቂዋ የምነግራት «የጠየቅኋት ሰው በዚህ ወቅት ጊዜ የላትም፤ ሌላ ሰው እጠይቅልሻለሁ» የሚለውን ብቻ ነበር። ስሟን ባለመስማቷ ወደፊት በሌላ አጋጣሚ ቢገናኙ በመካከላቸው ቅሬታ አይኖርም።